የስህተቱ ፊደል፦ የአንድ ባዮሎጂ ኩዊዝ እርማት

በገላን ኮንዶሚኒየምም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ታርሞ ወደ ቤት የሚመጣ ኩዊዝ መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ጥጉ ላይ ነው። እዚያ የተጻፈው 4/10 ከሆነ ቁጣ፣ 9/10 ከሆነ ምስጋና ይከተላል፤ ከዚያ ወረቀቱ ደብተር ውስጥ ገብቶ ይረሳል። ያ ቁጥር ግን ስለ ልጁ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል አራት አምጥተው አንዷ የተሳሳተችው ትምህርቱን ጨርሶ ስላላነበበች፣ ሌላው ደግሞ አንብቦ አንድን ነገር አጣሞ ስለተረዳ ሊሆን ይችላል። ለአንዷ የሚያስፈልጋት ጥናት ነው፤ ለሌላው ግን ያንኑ ደብተር ደግሞ ማንበብ የተጣመመውን ሐሳብ ይበልጥ ያጸናበታል። ሁለቱን የሚለይልን ነገር ወረቀቱ ላይ አለ፤ እሱም የተሳሳቱበት ምርጫ ፊደል ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርበት ነጥብ ይኸው ነው፦ ምርጫ ጥያቄ ሲታረም ከትክክለኛው መልስ ይልቅ የተመረጠው ስህተት የበለጠ ይናገራል፤ ስለዚህ እርማት መሥራት ያለበት ምልክት አድርጎ መደመርን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ለምን እንደሚስብና ለምን ትክክል እንዳልሆነ ማስረዳትንም ነው።

ቁጥር ብቻውን የት ድረስ እንደሚወስደን በአገር ደረጃ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ክርክሩ በተማሪው ስንፍና፣ በመምህሩ ብቃት፣ በኩረጃና በፈተናው ክብደት ዙሪያ ለወራት ዘለቀ። ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሊያቀርብ የቻለው 3.3 የሚለው ቁጥር የትኛውንም ምክንያት ስለማይከለክል ነው። የባዮሎጂ ተፈታኞች በየትኛው ጥያቄ ላይ በየትኛው ፊደል እንደተሰበሰቡ ቢታይ ኖሮ ግን ከእነዚህ ምክንያቶች ግማሾቹ ገና ከመጀመሪያው ይወድቁ ነበር።

ፊደሉ እንዲናገር ግን ጥያቄው መጀመሪያ በደንብ መሠራት አለበት። ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ማንም የማያምንባቸው ከሆኑ፣ ተማሪው ሳያውቅም ትክክለኛውን ያገኘዋል፤ የተሳሳተም ቢሆን ስህተቱ ምንም አይነግረንም። ጥሩ አሳሳች ምርጫ አንድ አስተዋይ ተማሪ በእውነት ሊያስበው የሚችል ሐሳብ ነው። ብዙውን ጊዜ በውስጡ አንድ እውነት ይዟል፤ ያ እውነት ነው የሚስበው። ትክክለኛው ምርጫ ሁልጊዜ ረጅሙ የሆነበት፣ ወይም አራተኛው ሁሌ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ኩዊዝ የሚመዝነው የባዮሎጂ እውቀትን አይደለም፤ ፈተና የመፈተን ልምድን ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል በሚመጥን መልክ፣ ከገላን ሰፈር ሕይወት ቀረብ አድርጌ አዘጋጅቻቸዋለሁ። 50 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍልና የምርጫቸውን ቁጥር ያስቀመጥኩት ስሌቱን ለማሳየት እንጂ ከአንድ ትምህርት ቤት የተወሰደ ውጤት አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

በኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መካከል የተተከለ የግራቪሊያ ችግኝ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ዛፍ ሆነ። ዛፉ ተቆርጦ ቢደርቅ፣ የደረቀው እንጨት ክብደት አብዛኛው የመጣው ከየት ነው?
ሀ) ሥሩ ከአፈር ከወሰዳቸው ማዕድናት
ለ) ሥሩ ከመጠጠው ውሃ
ሐ) ቅጠሉ ከአየር ከወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ
መ) ቅጠሉ ከተቀበለው የፀሐይ ብርሃን

መልሱ ሐ ነው። ሀ ግን እጅግ ይስባል፤ የሚስበውም ከገበሬ ልጅ እስከ ከተማ ልጅ ድረስ ሁላችንም ያየነው ነገር ስለሚደግፈው ነው። ዩሪያ የተደረገበት ማሳ ይለመልማል፤ ዓመት ከዓመት ያለ እረፍት የተዘራ መሬት ይደክማል። የአቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የታወቀ ነውና፣ ዛፉ ከዚያ አፈር «በልቶ» አደገ ማለት ምን ያስገርማል? በዚህ ምርጫ ውስጥ ያለው እውነት ማዕድናት የግድ ማስፈለጋቸው ነው። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲን፣ ማግኒዥየም ከሌለ ክሎሮፊል የለም። ስህተቱ የሚያስፈልገውን ነገር ክብደት ከሚሰጠው ነገር ጋር መቀላቀሉ ላይ ነው። ለዚህ ማስረጃው ከማንኛውም ምድጃ ሥር ይገኛል። እንጨት ሲነድ ከአየር የመጣው ወደ አየር ይመለሳል፤ ከአፈር የመጣው ማዕድን ግን አይነድምና አመድ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ሸክም ማገዶ የሚተርፈው አመድ በእፍኝ የሚነሳ ነው። ዛፉ የተሠራው ከአፈር ቢሆን ኖሮ ምድጃው በአንድ ቀን በሞላ ነበር።

ለ የመረጠ ተማሪ ደግሞ ሊያፍር አይገባውም፤ ያንኑ መልስ የሰጠ ታላቅ ሊቅ አለና። የዛሬዋ ቤልጅየም ሰው የነበረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 90 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የደረቀ አፈር በገንዳ አድርጎ፣ ከሁለት ኪሎ ትንሽ በላይ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ ለአምስት ዓመትም ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ደረሰች፤ አፈሩ ግን እንደገና ደርቆ ሲመዘን የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። ሥራው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ታትሞ ወጣ። በዚህ ሙከራ ምርጫ ሀ ወደቀ፤ ቫን ሄልሞንት ግን የጨመረው ነገር ውሃ ብቻ ስለነበር ክብደቱ ሁሉ የመጣው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ገንዳው በአየር መከበቡን በሒሳብ አላስገባም። የሚያስቆጨው ደግሞ ያው ሰው 62 ፓውንድ ከሰል አንድዶ የቀረው አመድ አንድ ፓውንድ ብቻ እንደሆነና ቀሪው በዓይን የማይታይ አየር ሆኖ እንደሄደ ጽፎ ነበር፤ ሁለቱን ሙከራዎች አያይዞ ግን አላያቸውም። ለን የሚመርጥ ተማሪ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው፦ የሚታየውን ግብዓት ይቆጥራል፣ የማይታየውን ይዘላል።

በለ ውስጥም እውነት አለ፤ መምህሩ ይህንን እውነት ሳይደብቅ ማስረዳት ይኖርበታል። ከርጥብ እንጨት ክብደት ከፍተኛ ድርሻ ያለው ውሃ ነው፤ በጥያቄው ውስጥ «የደረቀው» የምትለው ቃል ባትኖር ኖሮ ለን የመረጠ ልጅ በሚገባ ይከራከር ነበር። እንጨቱ ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከውሃ የመጣ ነገር አለ። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን፣ ከ40 በመቶ በላዩ ኦክስጅን፣ 6 በመቶ ገደማው ሃይድሮጅን ነው። ካርቦኑም ኦክስጅኑም የመጡት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ከውሃ የመጣው ሃይድሮጅኑ ነው፤ የውሃው ኦክስጅን በፎቶሲንተሲስ ጊዜ ተለቆ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ውሃ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ድርሻው ግን «አብዛኛው» ከሚባለው በጣም ያነሰ ነው። መ የሚስበው ደግሞ ትምህርቱን ለሰማና ላጠና ተማሪ ነው። «ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ይሠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ አለ፤ ተማሪው በእሱ ተመርቶ ብርሃኑን የምግቡ ጥሬ ዕቃ ያደርገዋል። ብርሃን ሥራውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል እንጂ በእንጨቱ ውስጥ ተከማችቶ የሚመዘን ቁስ አይደለም። መን የመረጠችው ልጅ ስለ ተክል ብዙ ታውቃለች፤ የጎደላት ኃይልንና ቁስን መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ ከባዮሎጂ ይልቅ የፊዚክስ ክፍተት ነው።

አሁን ወደ እርማቱ እንሂድ። ከ50 ተማሪዎች 24ቱ ሀ፣ 6ቱ ለ፣ 15ቱ ሐ፣ 5ቱ መ መረጡ እንበል። የተለመደው እርማት የሚያየው 15 ትክክል፣ 35 ስህተት ነው፤ ማለትም 30 በመቶ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ መያዝ ይጠቅማል። ሁሉም ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ቢገምት እንኳ በየፊደሉ 12 ወይም 13 ሰው ገደማ ይጠበቃል። በዚህ መለኪያ ትክክለኛውን የመረጡት 15 ተማሪዎች ከግምት ብዙም አልራቁም፤ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ እንዳወቀ፣ ስንቱ እንደገመተ መናገር አንችልም። ሀ ላይ የተከማቹት 24 ግን በግምት እዚያ ሊሰበሰቡ አይችሉም። ገማች ይበተናል፤ አንድ የተጣመመ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ግን አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ስለዚህ ከዚህ ጥያቄ በእርግጠኝነት የምናውቀው ከክፍሉ ሲሶ ያህሉ ማወቁን ሳይሆን፣ ግማሽ ያህሉ ዛፍ አፈር ይበላል ብሎ ማመኑን ነው። ምርጫ ጥያቄን የሚተቹ ሰዎች ግምት መልሱን ያበላሸዋል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያ ትችት የሚመለከተው ግን ይበልጡን ትክክለኛውን መልስ ነው፤ ስህተቶቹ ሲቆጠሩ ግምት በየፊደሉ የሚተኛ ዝቅተኛ ወለል ይሆንና ክምችቱ ከዚያ በላይ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ከበድ ያለ ነው፤ በየቤቱ የሚነገር ንግግር ስላለበት ረዘም አድርጌ አየዋለሁ።

አንድ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቀድሞ ይገድለው የነበረውን የባክቴሪያ ዓይነት አሁን መግደል ያቃተው ለምንድን ነው?
ሀ) የታማሚው ሰውነት መድኃኒቱን ስለለመደው
ለ) ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ለመቋቋም ብለው ራሳቸውን ስለለወጡ
ሐ) መቋቋም የሚችሉ ጥቂት ባክቴሪያዎች ተርፈው ስለተባዙ
መ) ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በቫይረስ ላይ ስለማይሠራ

መልሱ ሐ ነው። መን እናስቀድም፤ ምክንያቱም ልዩ ዓይነት አሳሳች ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ፍጹም እውነት ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አሞክሲሲሊን ቢውጥ ጉንፋኑን አያድንለትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የጠየቀው ስለ ባክቴሪያ ነው። እውነት ሆኖ ለጥያቄው መልስ ያልሆነ ምርጫ የሚፈትነው እውቀትን ሳይሆን ማንበብን ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ከወደቀ መምህሩ ሊጠረጥር የሚገባው የባዮሎጂ ትምህርቱን ሳይሆን የጥያቄ አነባበቡን ነው።

ሀ የሚስበው ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለሆነ ነው። ከብሎኩ ሥር ካለው መድኃኒት ቤት ተገዝቶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተውጦ፣ የተረፈው ለጎረቤት የሚሰጥ ካፕሱል ሳይሠራ ሲቀር «ሰውነቴ ለመደው» ይባላል። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰውነት የሚለምዳቸው መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ፤ ሞርፊንን የመሰለ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ያንኑ የማስታገስ ውጤት ለማግኘት መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል። እዚያ የተለወጠው ሰውነቱ ነው፤ ማስታገሻው የሚሠራው በሰው ሕዋስ ላይ ነውና። ጸረ ባክቴሪያ ግን ዒላማው ባክቴሪያው ነው። ሀን የሚጥለው ማስረጃ ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ይገኛል። የቲቢ መድኃኒት በሕይወቱ አንዴም ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ካለበት ሰው በትንፋሽ ተይዞ ገና ከመጀመሪያው ቀን መድኃኒቱ ላይሠራለት ይችላል። ሰውነቱ ምን ጊዜ ለመደው? የተሸጋገረው ባክቴሪያው ነው፤ መቋቋሙንም ይዞት የመጣው እሱ ነው። ይህ ስህተት ከፈተና ውጭም ዋጋ ያስከፍላል፤ ችግሩ የእኔ ሰውነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለጎረቤቱ ካፕሱል ማካፈሉ ምን ጉዳት እንዳለው ሊታየው አይችልም።

ለ ከሁሉም ይበልጥ ስውር ነው። ባክቴሪያዎቹ መለወጣቸው እውነት ነው፤ ስህተቱ ያለው «ለመቋቋም ብለው» በሚለው ውስጥ ነው። እኛ ሰዎች ችግር ሲመጣ ዘዴ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ባክቴሪያም እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለናል፤ መምህራንም ነገሩን ለማሳጠር «ባክቴሪያው ራሱን አላመደ» ይላሉ። ይህንን የፈተነው ሙከራ በቀላልነቱ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ መድኃኒት በሌለበት ሳህን ላይ ባክቴሪያ አሳደጉ፤ ከዚያ ንጹሕ የከፋይ ጨርቅ ሳህኑ ላይ ተጭነው፣ ያንኑ ጨርቅ መድኃኒት ባለበት ሌላ ሳህን ላይ አተሙት። በሁለተኛው ሳህን አብዛኛው ሞቶ በጥቂት ቦታ ብቻ አደገ። ቦታዎቹን ለይተው ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመለሱና፣ መድኃኒት ጨርሶ ነክቶት ከማያውቀው ከዚያው ትይዩ ቦታ ባክቴሪያ ወሰዱ፤ የወሰዱትም የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። መቋቋሙ የነበረው መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። መድኃኒቱ የሠራው መምረጥን ነው፦ የሚሞተውን ገድሎ ለማይሞተው ቦታውን ለቀቀለት።

እዚህ ላይ አንድ የነቃ ተማሪ ሊሟገት ይችላል፤ መምህሩም በመልስ ቁልፉ ብቻ ሊያሸንፈው መሞከር የለበትም። «አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ ሲደርስባቸው ነው መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ማምረት የሚጀምሩት፤ ይህ ራስን መለወጥ አይደለም?» ቢል የተናገረው እውነት ነው። መልሱ ግን፣ ኢንዛይሙን ለማምረት ትእዛዙን የያዘው ጂን ቀድሞ እውስጡ መኖር አለበት፤ መድኃኒቱ ጂኑን አይፈጥርለትም። «መቋቋም የሚያስችል ጂን ከሌላ ባክቴሪያ ሊቀበል ይችላልስ?» ቢል ያም እውነት ነው፤ ሕክምናው በመካሄድ ላይ እያለም አዲስ የጂን ለውጥ ሊከሰት ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ግን ለውጡ የመጣው ስለተፈለገ ነው አያሰኝም። እንዲህ ያለው ሙግት የሚያስተምረን ነገር አለ፦ ሐ ላይ «ቀድሞውኑ የነበሩ» የሚል ቃል ቢጨመር ኖሮ ምርጫው ከሚገባው በላይ ጠቦ ይህንን ተማሪ በግፍ ያሳስተው ነበር። የመልስ ቁልፍም ይታረማል።

በዚህ ጥያቄ 11 ተማሪዎች ሀ፣ 21 ለ፣ 17 ሐ፣ አንድ ተማሪ ብቻ መ መረጡ እንበል። መ የሞተ ምርጫ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር ማንንም ስላልሳበ በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ መተካት አለበት። ትልቁን ነገር ለማየት ግን አንድ እርምጃ መጨመር ያስፈልጋል። ወረቀቶቹን በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ ወደ ታች መደርደር፣ ከዚያ ከላይ 27 በመቶውን ከታችም 27 በመቶውን መውሰድ ነው። ይህንን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1939 በስሌት ያሳየው አሜሪካዊው የምዘና ባለሙያ ትሩማን ኬሊ ነው፤ በ50 ተማሪ ክፍል 13 ከላይ፣ 13 ከታች ማለት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ከላይኞቹ 8፣ ከታችኞቹ 2 ተማሪዎች በትክክል ቢመልሱ ልዩነቱ 6 ነው፤ ለ13 ሲካፈል 0.46 ይመጣል። ጥያቄው የሚያውቀውን ከማያውቀው በሚገባ ለይቷል። በሁለተኛው ጥያቄ ግን ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 6 ተማሪዎች ሐን ቢመርጡስ? በ13 ሰው መካከል የአንድ ሰው ልዩነት እንደ ምንም ይቆጠራልና፣ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው አልለየም ማለት ነው። ከላይኞቹ 13 ሰባቱ ለ ላይ ከተገኙ ደግሞ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በደንብ ያጠኑት ልጆች ያጠኑትን ነው የመለሱት። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ መምህሩ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ጥያቄውን፣ ከዚያ የራሱን ማስታወሻ መመርመር አለበት፤ በሰሌዳው ላይ «ባክቴሪያ መድኃኒት ይላመዳል» ብሎ ጽፎ ከሆነ ለ የእሱ ትምህርት ፍሬ ነው። ይህንን ከጠቅላላ ውጤት ላይ ማንም ሊያነበው አይችልም።

ሦስተኛውን ጥያቄ በአጭሩ እንለፈው። ሁለቱም ወላጆች የአልቢኒዝም ጂን ተሸካሚ ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው አልቢኒዝም ይዞት ተወለደ፤ ሁለተኛው ልጅ ተመሳሳይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ምርጫዎቹ 0፣ 25፣ 50 እና 75 በመቶ ናቸው፤ መልሱ 25 ነው። ዜሮን የሚመርጥ ተማሪ «ከአራት አንድ» የሚለውን ተራ የደረሰው ወረፋ አድርጎ ተረድቶታል፤ አንዱ ከደረሰ ሌሎቹ ሦስቱ ነጻ ናቸው ይላል። እያንዳንዱ ፅንስ ግን እንደ አዲስ ዕጣ ነው፤ የፊተኛውን አያስታውስም። 50ን የመረጠው ሠንጠረዡን በትክክል ሠርቶ የተሸካሚነትን ዕድል ነው ያነበበው፤ 75 ያለው ደግሞ አልቢኒዝም የማይታይበትን ልጅ ዕድል ወስዷል። ሁለቱ ስሌቱን ያውቃሉ፤ የሳቱት ጥያቄውን ነው። ዜሮ ያለው ልጅ ግን ጽንሰ ሐሳቡን ነው የሳተው፤ ሦስቱ ያገኙት ምልክት አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ አንድ አይደለም።

በዚህ አካሄድ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። ጠንካራው የቋንቋው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ልጁ የሳተው ሐሳቡን ሳይሆን ቋንቋውን ሊሆን ይችላል፣ ፊደሉም የምንለውን አይነግረንም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መፍትሔውም አለው። ቋንቋው ያልገባው ተማሪ ልክ እንደ ገማች ይበተናል ወይም የሚያውቀው ቃል ያለበትን ምርጫ ይይዛል። ጥርጣሬ ካለ ያንኑ ጥያቄ ለአራት አምስት ልጆች በአማርኛ በቃል መጠየቅ ይበቃል። በአማርኛም «ሰውነቱ ስለለመደው» ካሉ ችግሩ የሐሳብ ነው፤ በአማርኛ በትክክል ከመለሱ ችግሩ የቋንቋ ነው። ፊደሉ ጥርጣሬውን አስነሳ፤ የቃል ጥያቄው ለየው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስህተትን ደጋግሞ ማውራት ስህተቱን በልጆች አእምሮ ይተክላል የሚል ነው። ይህም ከንቱ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ ሄንሪ ሮዲገርና ኤሊዛቤት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ምርጫ ጥያቄ የሠሩ ተማሪዎች የተሳሳቱ ምርጫዎችን ቆይተው እንደ እውነት ሲጽፏቸው ታይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሮዲገር ራሱ ከአንድሩ በትለር ጋር በሠራው ጥናት፣ ተማሪዎቹ ከመለሱ በኋላ ትክክለኛው ሲነገራቸው ይህ ጉዳት ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ አደጋው ያለው ምርጫዎቹን ካስነበቡ በኋላ ዝም ማለት ላይ ነው። ልጁ አሳሳቹን ምርጫ አንድ ጊዜ አንብቦታል፤ መምህሩ ዝም ቢል ከአእምሮው አይወጣም። ማስረዳቱ ግን በቅደም ተከተል ይሁን፦ በመጀመሪያ ትክክለኛው መልስና ማስረጃው፣ ከዚያ የአሳሳቹ እውነት ያለው ክፍል፣ በመጨረሻም እውነቱ የሚያልቅበት ቦታ። «ሀ ስህተት ነው» ብሎ ማለፍ፣ አመዱን ያላየ ተማሪን አያሳምንም።

ሦስተኛው የጊዜ ነው። አንድ መምህር በአንድ ክፍል 50 እና 60 ተማሪ ይዞ፣ ሦስት አራት ክፍል እያስተማረ፣ ይህንን ሁሉ መቼ ይሠራል? ሁሉንም ይሥራ አልልም። ከአሥር ጥያቄ ሁለቱን መርጦ፣ እያረመ በአንድ ወረቀት ላይ በየፊደሉ ሥር ጭረት ማድረግ በቂ ነው፤ 27 በመቶው ስሌት ለሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ይቆይ። ከክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ ወስዶም ብዙ ሰው የተከማቸበትን አንድ አሳሳች ምርጫ ብቻ ማስረዳት፣ የሁሉንም ጥያቄ መልስ በፍጥነት ከማንበብ የበለጠ ይሠራል። ጭረት መሥራት የማያስፈልግበት ቦታም አለ። በብሔራዊ ፈተና መልሱ የሚታረመው በማሽን ስለሆነ የእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ከዚያው ሊወጣ ይችላል። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የባዮሎጂ ጥያቄዎችን ከነምርጫ ሥርጭታቸው በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ቢያደርስ፣ የአቃቂ ቃሊቲ መምህር ተማሪዎቹ የሚሰናከሉበትን አሳሳች ምርጫ ገና መስከረም ላይ ያውቀው ነበር።

በገላን ያላችሁ ወላጆችም የባዮሎጂ ትምህርት ባትማሩም ይህንን ማድረግ ትችላላችሁ። ኩዊዙ ወደ ቤት ሲመጣ ኤክስ ከተደረገባቸው ጥያቄዎች አንዱን መርጣችሁ ልጁን «ይህንን ለምን መረጥከው?» በሉት፤ ልጅቷንም እንዲሁ ጠይቋት፤ ምክንያቱንም ሳትቆጡ እስከ መጨረሻው ስሙ። ምክንያት ካላቸው፣ ያንን ምክንያት ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፈው ለመምህራቸው እንዲያሳዩ አድርጉ።